በቀትር ፀሐይ ቆርቆሮ ስንት ዲግሪ ይሞቃል?

አዲስ አበባ ላይ፣ ሰማዩ በጠራ ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ሦስት ቆርቆሮዎች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል እንበል። አንደኛው ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ ሁለተኛው ነጭ ተቀብቷል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከመደብር እንደወጣ የሚያብለጨልጭ ዚንክ የተለበጠ አዲስ ቆርቆሮ ነው። ከሦስቱ ይበልጥ የሚሞቀው የትኛው ነው? የተጠየቀ ሁሉ ሳያመነታ «ጥቁሩ» ይላል። መልሱ ግን የነፋሱን ፍጥነት ሳይጠይቁ የሚሰጥ አይደለም። ነፋሱ ጠንከር ካለ ጥቁሩ ይበልጣል፤ ሲቀንስ የሚያብለጨልጨው ጥቁሩን ጥሎት ይሄዳል። የዛሬው ትምህርት ይህ ለምን እንደሚሆን በቁጥር የሚያሳይ ነው።

አስቀድመን ጉዳዩን እናቅልለው። ቆርቆሮዎቹ ሞገድ የሌላቸው ዝርግ ናቸው፤ በመሬት ልክ አግድም ተኝተዋል፤ ከሥራቸው ወፍራም ፎም ስለተነጠፈ ወደ ታች የሚሄድ ሙቀት የለም። ሙቀት የሚገባውም የሚወጣውም በላይኛው ፊት ብቻ ነው ማለት ነው። እውነተኛ ጣሪያ እንዲህ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ፎሙን ወደ መጨረሻው ላይ እናነሣዋለን።

ከታች ሁለት ቀዳዳ ያለው በርሜል ላይ ቧንቧ ተከፍቶበታል ብላችሁ አስቡ። ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር በቀዳዳዎቹ የሚወጣው እየበረታ ይሄዳል፤ የሚወጣው ከሚገባው ጋር እኩል ሲሆን ከፍታው ባለበት ይቆማል። በቆርቆሮው ላይ ቧንቧው ፀሐይ ናት፤ የውኃው ከፍታ የቆርቆሮው የሙቀት መጠን ነው። ከሁለቱ ቀዳዳዎች አንደኛው ነፋስ ሲሆን ሁለተኛው ቆርቆሮው ራሱ ወደ ሰማይ የሚለቀው ዓይን የማያየው ጨረር ነው። የምንፈልገው ከፍታው የሚቆምበትን ቦታ ነው፤ እሱን የረጋ ሙቀት እንለዋለን።

ከሚገባው እንጀምር። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆንና ሰማዩ ሲጠራ አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1000 ዋት ገደማ ይወርዳል። ይህን G እንበለው። ከዚህ ውስጥ ዝርጉ የሚያስቀረው ክፍል በመምጠጥ አቅሙ ይወሰናል፤ ምልክቱ α ነው፣ ዋጋውም በ0 እና በ1 መካከል ነው። ለተለመደ ጥቁር ቀለም α 0.95 ያህል፣ ለጥሩ ነጭ ቀለም 0.25 ያህል፣ ለአዲስ ዚንክ ልብጥ ቆርቆሮ 0.65 ያህል ነው። የመጨረሻው ቁጥር ብዙ ሰው ያስገርማል። የሚያብለጨልጭ ነገር ብርሃኑን ሁሉ የሚመልስ ይመስላል፤ ዚንክ ግን ከሚወርድበት ብርሃን ከግማሽ በላይ ውጦ ያስቀራል። እንግዲህ በየካሬ ሜትሩ ጥቁሩ 950፣ አዲሱ ቆርቆሮ 650፣ ነጩ 250 ዋት ይቀበላሉ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ «ጥቁሩ» ያለው ሰው ትክክል ነበር።

አሁን ወደ ሚወጣው እንሂድ። ማንኛውም አካል በሙቀቱ ልክ ጨረር ይለቃል። የሚለቀው መጠን εσT⁴ ነው። እዚህ σ የስቴፋንና የቦልዝማን ቁጥር ነው፤ ዋጋውም 5.67 × 10⁻⁸ ነው። T በኬልቪን የሚለካ የሙቀት መጠን ነው፤ ሴልሺየሱ ላይ 273 ሲደመር ይገኛል። ε ደግሞ የመልቀቅ አቅም ነው። ቀለም፣ ጥቁርም ሆነ ነጭ፣ ε 0.9 ያህል አለው። አዲስ ዚንክ ልብጥ ቆርቆሮ ግን 0.13 ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ፤ የትምህርቱ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። ፊዚክስ የተማረ አንባቢ «የኪርኾፍ ሕግ በደንብ የሚመጥጥ በደንብ ይለቃል ይል የለም ወይ? ታዲያ α እና ε እንዴት ይለያያሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኪርኾፍ በ1859 ያስቀመጠው ሕግ የሚሠራው ግን በአንድ ዓይነት የሞገድ ርዝመት ላይ ነው። የፀሐይ ጨረር ከሞላ ጎደል ሁሉም ከ0.3 እስከ 2.5 ማይክሮ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ነው። ፀሐይ የመታችው ቆርቆሮ የሚለቀው ጨረር ደግሞ የሚበረታው 8 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ሲሆን ከዚያም በላይ ብዙ ይዘረጋል። ሁለቱ ክልሎች ከሞላ ጎደል አይነካኩም። ስለዚህ α የዝርጉን ጠባይ በአንደኛው ክልል ይነግረናል፣ ε በሌላኛው፤ አንዱ ትንሽ ሌላው ትልቅ ቢሆን ሕጉን የሚቃረን ነገር የለም። ነጭ ቀለም ዓይናችን በሚያየው ብርሃን ነጭ ነው፤ በረጅሙ ሞገድ ግን ከጥቁር ቀለም የሚለይበት ነገር የለም። ብረት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በረጅሙ ሞገድ መስተዋት ነው ማለት ይቻላል፣ መስተዋት የሆነ ነገር ደግሞ አይለቅም። ስለዚህ የዝርጉን ቀለም በዓይን አይቶ ε ይህን ያህል ነው ብሎ መገመት አይቻልም።

ዝርጉ ወደ ሰማይ ሲለቅ ሰማይም መልሶ ይልክበታል። ከላይ ያለው እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ራሱ ጨረር ይለቃልና። ለስሌት እንዲመች ሰማዩን አንድ የሙቀት መጠን እንዳለው ግንብ እንወስደዋለን። የጠራ ሰማይ ከአየሩ በጣም ይቀዘቅዛል፤ በበጋ ሌሊት ቴርሞሜትር ከዜሮ በላይ እያሳየ ሣሩ ላይ ውርጭ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። አየሩ 22 ዲግሪ፣ ማለትም 295 ኬልቪን ሲሆን ለደጋ ደረቅ ሰማይ 270 ኬልቪን እንያዝ። ከዚህ ሰማይ የሚመጣው ጨረር 301 ዋት በካሬ ሜትር ነው፤ ዝርጉ ከዚህ ላይ የሚቀበለው በ ε ልክ ነው። በጨረር የሚወጣው የተጣራ ሙቀት ስለዚህ ε(σT⁴ − 301) ይሆናል።

የቀረው ነፋስ ነው። በነፋስ የሚወሰደው ሙቀት ዝርጉ ከአየሩ በሚበልጥበት ዲግሪ ልክ ያድጋል፤ የሚያባዛውን ቁጥር h እንለዋለን። የዚህ ሁሉ ስሌት ደካማው ክፍል h ነው። σ እስከ ብዙ አኃዝ ድረስ ይታወቃል፣ α እና ε በመሣሪያ ይለካሉ፣ h ግን በነፋሱ ፍጥነትና አቅጣጫ፣ በዝርጉ ስፋት፣ በአካባቢው ባሉ ግንቦችና ዛፎች ሁሉ ይለዋወጣል። በመማሪያ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ የኖረው ቀመር h = 5.7 + 3.8V ነው፤ V የነፋስ ፍጥነት ሲሆን በሜትር በሰከንድ ይለካል። መነሻው ዩርገስ የተባለ ጀርመናዊ በ1924 ያሳተመው በአንድ ትንሽ ዝርግ ላይ የተደረገ ልኬት ነው። በ1977 ዋትመፍና ባልደረቦቹ በዚህ ቀመር ውስጥ የጨረሩ ድርሻም ሳይገባ እንዳልቀረ አመለከቱ፤ በምትኩም h = 2.8 + 3V የሚለውን አቀረቡ። እኛ ጨረሩን ለብቻው ስለምናሰላ የሚስማማን ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ይዞ ጨረሩን እንደገና የሚጨምር ሰው አንዱን ሙቀት ሁለት ጊዜ ያወጣና ከእውነቱ የቀዘቀዘ ዝርግ ያገኛል። ይህ ስሕተት እስከ ዛሬ በብዙ ስሌቶች ውስጥ አለ።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማይቱ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የሳሳ አየር በአንድ ዓይነት ፍጥነት ቢነፍስም የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። እንደ ፍሰቱ ዓይነት h ከ13 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል፤ እኛ 15 በመቶ እንቀንስ። 3 ሜትር በሰከንድ ለሚነፍስ ነፋስ ቀመሩ 11.8 ይሰጣል፤ ሲቀነስ 10 ሆነ። ክፍሉ ዋት በካሬ ሜትር በዲግሪ ነው።

አሁን የሚገባውን ከሚወጣው ጋር እናስተካክል፦

αG = h(T − 295) + ε(σT⁴ − 301)

T በአንድ በኩል ብቻዋን ስትሆን በሌላ በኩል አራት ጊዜ በራሷ ተባዝታለች፤ በቀላሉ ለብቻዋ ማውጣት አይቻልም። መንገዱ ገምቶ ማረም ነው። ጥቁሩን እንውሰድ። 60 ዲግሪ፣ ማለትም 333 ኬልቪን ነው ብለን እንገምት። ነፋሱ 10 × 38 = 380 ዋት ይወስዳል። σT⁴ 697 ይሆናል፤ 301 ሲቀነስለትና በ0.9 ሲባዛ 357 ዋት በጨረር ይወጣል። ድምሩ 737 ነው። የገባው ግን 950 ስለሆነ 213 ዋት መውጫ አጥቶ ቀርቷል፤ ዝርጉ ገና ይሞቃል። ምን ያህል? አንድ ዲግሪ ሲጨምር የሚወጣው በነፋስ 10 ዋት፣ በጨረር ደግሞ 4εσT³ ያድጋል፤ ይህ በዚህ ሙቀት 7.5 ነው። 213 ለ17.5 ሲካፈል 12 ዲግሪ ያህል ይመጣል። እንግዲህ 345 ኬልቪን ላይ ደረስን። እንፈትሸው፤ ነፋሱ 500፣ ጨረሩ 452፣ ድምሩ 952 ሆነ። ከ950 ጋር ለመግጠም ይህ ይበቃል። ጥቁሩ ቆርቆሮ 72 ዲግሪ ላይ ይረጋል።

ስሌቱ የተበላሸ እንደሆነ የሚያሳውቁ ምልክቶች አሉ። የጨረሩ ድርሻ ጥቂት ዋት ብቻ ሆኖ ከመጣ ለዝርጉም ለሰማዩም T⁴ ውስጥ ሴልሺየስ ገብቷል ማለት ነው፤ ነፋሱ ብቻውን የሚሠራ ያህል ሆኖ ጥቁሩ ወደ 117 ዲግሪ ይጠጋል። ሌላው የተለመደ ስሕተት ሰማዩን ከአየሩ እኩል ማድረግ ነው። ይህኛው አሳሳች ነው፣ መልሱ ጤነኛ ስለሚመስል። ቀለም ለተቀባ ዝርግ 115 ዋት ያህል ከየትም ይጨምርና ውጤቱን 6 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። የሚጋለጠው ፀሐዩን ወደ ዜሮ አውርደው ሲፈትሹት ነው። የጠራ ሰማይ ሥር ያለ ዝርግ በሌሊት ከአየሩ በታች መውረድ አለበት፤ የእናንተ ስሌት ልክ ከአየሩ እኩል ካደረገው ሰማዩን ረስታችኋል።

በዚሁ መንገድ ነጩን ስናሰላ 31 ዲግሪ ገደማ እናገኛለን፤ ከአየሩ የሚበልጠው በ9 ዲግሪ ብቻ ነው። አዲሱ ቆርቆሮ ግን 79 ዲግሪ ተኩል ላይ ይረጋል። የተቀበለው 650 ዋት ሲሆን 950 ዋት ከተቀበለው ጥቁር በ7 ዲግሪ ተኩል በለጠ። ምክንያቱን ለማየት የወጣውን ሙቀት በሁለቱ ቀዳዳዎች እንከፋፍለው። ጥቁሩ 500 ዋት በነፋስ፣ 450 ዋት በጨረር ያወጣል። አዲሱ 575 ዋት በነፋስ ሲያወጣ በጨረር የሚያወጣው 75 ብቻ ነው። ሁለተኛው ቀዳዳ ተደፍኖበታል። ስለዚህ ያንን 650 ዋት ለማውጣት በነፋሱ በኩል ያለውን ልዩነት ማስፋት፣ ማለትም መሞቅ ግድ ይሆንበታል።

ታዲያ ነፋሱን ብንቀያይረውስ? ወደ 7 ሜትር በሰከንድ ሲበረታ h 20 ይደርሳል። ጥቁሩ 54 ዲግሪ፣ አዲሱ 52፣ ነጩ 27 ይሆናሉ። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ ጥቁሩ ወደ አንደኝነቱ ተመለሰ። ነፋስ ሲበረታ ሁሉም የሚያወጣው በሰፊው በር ስለሆነ የ ε ነገር ብዙም አይታይም፤ ማን ምን ያህል ተቀበለ የሚለው ብቻ ይቀራል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት h 16 አካባቢ ሲሆን ነው፤ ያም ወደ 5 ሜትር በሰከንድ የሚጠጋ ነፋስ ነው። ከዚያ በታች α ብቻውን የሚነግረን ነገር እየቀነሰ፣ የ α እና የ ε ክፍልፋይ ሥልጣኑን እየያዘ ይሄዳል። ጨርሶ አየር በሌለበት ሕዋ ውስጥ ደግሞ ክፍልፋዩ ብቻ ነው የሚገዛው፤ የሳተላይት መሐንዲሶች ስለ አንድ ልባስ ሲጠይቁ በቅድሚያ የሚሹት ይህን ቁጥር ነው።

ነፋሱ ወደ 1 ሜትር በሰከንድ ሲወርድ ቀመራችን h 5 ይለናል። ይህን ብናስገባ ጥቁሩ 90፣ አዲሱ 123 ዲግሪ ይወጣል። 123 የሚለውን ቁጥር ግን አልቀበለውም። ዝርጉ ከአየሩ በ100 ዲግሪ ሲበልጥ ላዩ ላይ ያለው አየር ነፋስ ሳይጠብቅ ራሱ ቀልሎ ይነሣል፤ ቀዝቃዛው ወርዶ ይተካዋል። ወደ ላይ ለሚያይ ትኩስ አግድም ዝርግ ይህ በራሱ የሚሰጠው h ወደ 1.5 በልዩነቱ ኩባዊ ሥር ሲባዛ ነው። ለ100 ዲግሪ 7 ይሆናል፤ ለአዲስ አበባ የሳሳ አየር ሲታረም 6 ያህል። እንግዲህ ከትንሹ ነፋስ የመጣው 5 ብቻውን ሊሆን አይችልም። ሁለቱን አንድ ላይ ብናስብ ጥቁሩ ወደ 85፣ አዲሱ ወደ 105 ዲግሪ ይጠጋሉ። የነፋስ ቀመር ዝርጉ የራሱን ነፋስ እንደሚፈጥር አያውቅም፤ ስለዚህ V ከ2 በታች ሲወርድ ብቻውን አይታመንም። ነጩን ግን ተመልከቱት፤ በዚሁ ትንሽ ነፋስ 35 ዲግሪ ነው። ነፋስ ቢበረታም ቢደክምም ከ27 እስከ 35 ብቻ ይንቀሳቀሳል። ትንሽ ይቀበላል፣ የጨረር በሩም ክፍት ነው።

ልባስ ደግሞ እንዳለ አይኖርም። ዚንክ ዓመታት ሲያልፉበት ይደበዝዛል፤ α ወደ 0.80፣ ε ወደ 0.28 ይወጣሉ። ሁለቱም ስላደጉ ነገሩ የሚመጣጠን ይመስላል። ስታሰሉት ግን በ3 ሜትር ነፋስ 84 ዲግሪ ይወጣል፤ 150 ዋት ተጨማሪ ሲገባ በጨረር በኩል የተከፈተው ገና ጠባብ ነውና። ነጩም በበጋ አቧራ ይለብሳል። α 0.4 ደረሰ ብንል 40 ዲግሪ ይሆናል። ለነጭ ጣሪያ ከቀለሙ ዓይነት ይልቅ ዝናብ መቼ እንዳጠበው መጠየቅ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

«የረጋ ሙቀት» ስንል ዝርጉ ለመርጋት ጊዜ አለው ወይ? 28 ጌጅ የሚባለው ቆርቆሮ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። አንድ ካሬ ሜትሩ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ አንድ ዲግሪ ለማሞቅም 1450 ጁል ያህል ይፈልጋል። ይህን አዲሱ ቆርቆሮ አንድ ዲግሪ ሲጨምር በሚያወጣው 11 ዋት ብናካፍለው 130 ሰከንድ እናገኛለን። ማለትም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከመንገዱ ሁለት ሦስተኛውን፣ በሰባት ደቂቃ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይጨርሳል። ፀሐይዋ ከዚህ በጣም ቀስ ብላ ስለምትንቀሳቀስ ስሌቱ ይሠራል። የማይሠራው ደመና ሲመላለስ ነው። ያኔ ቆርቆሮው እየሞቀ እየቀዘቀዘ ይውላል፤ 5 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ በ50 ዲግሪ ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል ያጥራል። ደመና ፀሐይዋን ሲሸፍናት ጣሪያው ቋ ቋ የሚለው ሚስማሩ ላይ እየተሳበ ነው። ሚዛናችን እንዳልተያዘ የሚያሰማ የታወቀ ድምፅ ይህ ነው። በአንጻሩ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ጣሪያ ለመርጋት ሰዓታት ስለሚያስፈልጉት ይህ ስሌት ለእሱ የቀትር ሙቀት አይሰጥም።

አሁን ፎሙን እናንሣው። ከሥር ኮርኒስ የሌለው ቤት አለ፤ በውስጡ ያለው አየር 27 ዲግሪ ነው። በታችኛው ፊት በኩል ያለው አየር ብዙ አይንቀሳቀስም፤ ትኩስ አየር ጣሪያ ሥር ተጣብቆ ይቀራልና። ስለዚህ ለታችኛው ፊት h 4 እንያዝ። በሚዛኑ ላይ 4(T − 300) የሚል ሦስተኛ መውጫ ይጨመራል። አዲሱ ቆርቆሮ ከ79 ተኩል ወደ 66 ዲግሪ ይወርዳል። የቆርቆሮው መቀዝቀዝ ግን ለቤቱ መልካም ዜና አይደለም፤ በዚህ ሦስተኛ መውጫ 155 ዋት በየካሬ ሜትሩ ወደ ቤት ወረደ። ለ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ይህ 6 ኪሎ ዋት ነው። ነጩ በተመሳሳይ ሁኔታ 30 ዲግሪ ሆኖ የሚያወርደው 12 ዋት ብቻ ነው። ጥያቄው የቤቱ ሙቀት ከሆነ መወዳደር ያለበት ይህ ቁጥር ነው እንጂ የቆርቆሮው ዲግሪ አይደለም።

ስሌቱን በልኬት መፈተሽ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ሳይነካ በርቀት የሚለካውን እንደ ሽጉጥ ያለ ቴርሞሜትር ነው። ይህ መሣሪያ የሚያየው ከዝርጉ የሚመጣውን ጨረር ነው፣ ብዙዎቹም ε 0.95 ነው ብለው ተስተካክለው ከፋብሪካ ይወጣሉ። ጥቁርና ነጭ ቀለም ላይ ጥሩ ይሠራል። አዲሱ ቆርቆሮ ላይ ግን ከሚያየው ጨረር አብዛኛው የሰማዩ ነጸብራቅ ነው። 80 ዲግሪ የደረሰ፣ እጅ የማያስነካ ቆርቆሮ ላይ አነጣጥራችሁ ከ15 ዲግሪ በታች ሊያሳያችሁ ይችላል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ሰማይን እየለካላችሁ ነው። መፍትሔው ቆርቆሮው ላይ የኤሌክትሪክ ናስትሮ ለጥፎ ናስትሮውን መለካት ነው፤ ናስትሮ ε 0.9 አካባቢ ስላለው መሣሪያው ከሚጠብቀው ጋር ይገጥማል። ከላይ በኩል ከለጠፋችሁት ግን ጥቁር ስለሆነ እዚያች ቦታ ላይ ፀሐዩን የበለጠ ይመጥጥና ልኬቱን ራሱ ያዛባዋል። ከሥር ለጥፉት። በ0.4 ሚሊ ሜትር ብረት ውስጥ 600 ዋት ቢያልፍ እንኳ በሁለቱ ፊቶች መካከል የሚኖረው ልዩነት ከዲግሪ መቶኛ ያነሰ ስለሆነ የታችኛውን መለካት የላይኛውን መለካት ነው። ያገኛችሁት ቁጥር ከሰላችሁት በ10 ዲግሪ ቢለይ α እና ε ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ነፋሱን እንደገና ለኩ፤ የነፋሱንም ፍጥነት ከአየር ማረፊያ ዘገባ ሳይሆን ከቆርቆሮው አጠገብ ውሰዱ።